የብር ጌጥን ቤት ውስጥ በመስኮት ብርሃን ፎቶ ማንሳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የብር መስቀል፣ ጉትቻና ቀለበት በቴሌግራም እሸጣለሁ፤ ፎቶዎቹን የማነሳው ሳሎኔ ውስጥ በስልኬ ነው። በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ።

ለመጀመር ምን ያስፈልገኛል? ካሜራ ልግዛ?

አትግዙ። ስልካችሁ ይበቃል። ከስልኩ ሌላ የሚያስፈልገው ትንሽ ጠረጴዛ፣ ትልቅ ነጭ ወረቀት፣ ስስ ነጭ ጨርቅ፣ አንድ ነጭና አንድ ጥቁር ቁራጭ ካርቶን፣ እና ስልኩን የሚያስደግፍ ነገር ነው። እኔ ትራይፖድ ከመግዛቴ በፊት ለአንድ ዓመት ያህል የተጠቀምኩት ሁለት መጽሐፍና አንድ የሽሮ ጣሳ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ግን አትሰስቱ። ብዙ ሰው በኤ4 ይጀምራል። ከላይ ወደ ታች ለሚነሳ ቀለበት ያስኬዳል፤ ስልኩን ዝቅ አድርጋችሁ ከፊት ለፊት ስታነሱ ግን የወረቀቱ ጫፍና ከኋላው ያለው ሶፋ አብሮ ይገባል። የኤ4 እጥፍ የሚሆን፣ ጠንከር ያለና የማያብረቀርቅ ወረቀት ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፈልጉ። የኋላ ጫፉን በስኮች ግድግዳ ላይ ወይም የተደረደረ መጽሐፍ ላይ ለጥፉትና ወደ ጠረጴዛው ዘንበል ብሎ ይውረድ። አትጠፉት። አንዴ ከታጠፈ መስመሩ ፎቶው ላይ ይወጣል።

በየትኛው መስኮት፣ በስንት ሰዓት ላንሳ?

ሰማይ የሚታይበት፣ ፀሐይ ግን በቀጥታ የማትገባበት መስኮት ምረጡ። የውጭ አገር ቪዲዮ የሚያዩ ሰዎች «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ይሻላል ይላሉ» ብለው ይጽፉልኛል። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ላለ ሰው ምክሩ ትክክል ነው፤ እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ናት። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ በጥቅምት ጥሩ የነበረው የሰሜን መስኮት በግንቦት ፀሐይ ሊያስገባ ይችላል። አቅጣጫውን ከማስላት ይልቅ እጃችሁን ወረቀቱ ላይ ዘርጉ። የጣቶቻችሁ ጥላ ጫፉ የተቆረጠ ያህል ስል ከሆነ ብርሃኑ ጠንካራ ነው። ጥላው ለስላሳና የደበዘዘ ከሆነ ጀምሩ።

ፀሐይ ከገባች መስኮቱ ላይ ስስ ነጭ መጋረጃ ወይም ነጠላ ዘርጉበት። ነጠላ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል፤ አንድ ድርብ ብቻ ይብቃው። ጥበቡን ግን ከጌጡ በሚርቀው በኩል አድርጉት፣ አለዚያ ቀይና አረንጓዴው ብሩ ላይ ይታያል። እኔ የምሠራው ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ነው። ከሰዓት ከ8 እስከ 10 ያለውም ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ደመናው ራሱ ነጠላ ሆኖ ይሸፍንላችኋል፤ ብርሃኑ ስለሚቀንስ ግን ስልኩ ምንም ሳይነቃነቅ መቆም አለበት።

ጠረጴዛው ከመስኮቱ ምን ያህል ይራቅ? ብርሃኑስ በየት በኩል ይምጣ?

ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር። ከዚያ በላይ ስትርቁ መስኮቱ ለጌጡ እያነሰ ይሄዳል፤ ጥላውም ይከብዳል። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ከግራም ይሁን ከቀኝ። መስኮቱን ጀርባችሁ አድርጋችሁ ካነሳችሁ የራሳችሁ ጥላ ጌጡ ላይ ያርፋል። ከዚያም በላይ የመስቀሉ ቅርጽ ልሙጥ ሆኖ ይቀራል፤ የተቀረጸው ሁሉ ጥላ ስለሌለው አይታይም።

ከመስኮቱ ተቃራኒ ያለው ጎን መጨለሙ አይቀርም። ነጩን ካርቶን በዚያ በኩል፣ ከጌጡ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ አቁሙት። እያቀረባችሁና እያራቃችሁ ጥላውን ተመልከቱ። ጥላው ጨርሶ እስኪጠፋ አታቅርቡት፤ ጥላ የሌለው ጌጥ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል።

ወረቀቱ ነጭ ነው፤ ፎቶው ላይ ለምን ግራጫ ይሆናል?

ስልኩ ወረቀቱ ነጭ መሆኑን አያውቅም። ብዙ ብርሃን ሲያይ «ይህ በዛ» ብሎ ይቀንሰዋል፤ ነጩም አመድ ይመስላል። መፍትሔው እናንተ መጨመር ነው። አይፎን ላይ ጌጡን በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙ፤ AE/AF LOCK የሚል ሲመጣ ልቀቁና የፀሐይዋን ምልክት ወደ ላይ ጎትቱ። አብዛኛው አንድሮይድ ላይም ተጭኖ መያዝና የብርሃኑን መስመር ማንቀሳቀስ ይሠራል።

ምን ላይ ይቁም? ወረቀቱን ሳይሆን የብሩን በጣም የሚያበራ ቦታ ተመልከቱ። ቅርጹ በነጭ ከተዋጠ አልፋችኋል፤ ትንሽ መልሱ። ወረቀቱ ጥቂት ግራጫ ቢቀረው ኋላ በማስተካከያ አፕ ይነጣል። የተዋጠው ቅርጽ ግን አይመለስም።

ስጠጋ ለምን ይደበዝዛል?

እያንዳንዱ ሌንስ ከዚህ በታች አልጠጋም የሚለው ርቀት አለው። የብዙ ስልኮች ዋና ካሜራ ከ15 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ ነው የሚጠጋው። እኔ ጌጡ ትንሽ ስለሆነ ስልኩን አፍንጫው ሥር እወስደው ነበር። የተሻለው ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቁና ዙሙን 2x አድርጉት።

ማክሮ ያለው ስልክ ካላችሁ ለማህተምና ለጥቃቅን ቅርጽ ተጠቀሙበት፤ ለዋናው ፎቶ ግን አልመክርም። በጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ስልኩ ብርሃኑን ይጋርዳል፣ ብሩ ውስጥም ጥቁር ሆኖ ይታያል፤ ወደ ሌንሱ የቀረበው የመስቀሉ ክንድም ከሌላኛው በልጦ ያብጣል። ፖርትሬት የሚባለውንም ተዉት። የጉትቻውን መንጠቆ ከጀርባው ጋር አደባልቆ ያደበዝዘዋል።

ሌላው ምክንያት ተራ ነው። ሌንሱ ላይ የጣት ቅባት አለ። በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። ከዚያ የ3 ሰከንድ ታይመር አብሩ፤ ቁልፉን ስትነኩ ስልኩ የሚነቃነቀው ነገር ይቀራል።

ብሩ ላይ ስልኬም ፊቴም ይታያል። ምን ላድርግ?

በጣም የምጠየቀው ይህ ነው። የተወለወለ ብር መስታወት ነው። መስታወት ደግሞ ፎቶ ስታነሱት የምታዩት ፊት ለፊቱ ያለውን ነገር ነው። ስለዚህ ሥራው ብሩን ማብራት ሳይሆን ብሩ «የሚያየውን» ነገር መምረጥ ነው። ብሩ ነጭ ሲያይ ነጭ ይሆናል፤ ጥቁር ሲያይ ጥቁር፤ ሮዝ ሹራብ ሲያይ ሮዝ።

ባለፈው ያነሳሁትን አንድ የአንገት መስቀል ልንገራችሁ። የላሊበላ ቅርጽ ያለው፣ ቁመቱ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ፊቱ የተወለወለ። መስኮቱ በግራ ነበር። በመጀመሪያው ፎቶ ግራው ክንድ ጥሩ ነጭ ወጣ። መሐሉ ላይ የስልኬ ጥቁር አራት ማዕዘን ተጋድሟል። ቀኙ ክንድ ቡናማ ነው፤ ምንድን ነው ብዬ ዞር ስል የቁም ሳጥኑ በር ነው። ቀኙ ቀላል ነበር፤ ነጩን ካርቶን አቆምኩበት፣ ቁም ሳጥኑ ጠፋ። ለመሐሉ የኤ4 ወረቀት ወስጄ የሳንቲም ያህል ቀዳዳ በመቀስ አወጣሁ፤ ወረቀቱን በስኮች ስልኩ ፊት ለጠፍኩና ሌንሱን በቀዳዳው አሳየሁት። አሁን መስቀሉ የሚያየው ነጭ ወረቀት ነው። የቀረችው የሌንሷ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ብቻ ናት። መስቀሉን ከሥሩ በትንሽ የካርቶን ቁራጭ ወደ መስኮቱ ጥቂት አዘነበልኩት፤ ነጥቧም ከፊቱ ላይ ወጣች።

አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ነጸብራቅ ባያችሁ ቁጥር «ይህ ቤቴ ውስጥ የትኛው ዕቃ ነው?» ብላችሁ ፈልጉት። ዕቃው ሲገኝ ወይ ይነሳል ወይ በካርቶን ይጋረዳል። ቀለበት ግን ክብ ስለሆነ ክፍሉን ሁሉ ያያል፤ ለእሱ ከሦስት በኩል ነጭ መክበብ ሊያስፈልግ ይችላል። ልብሳችሁም ነጭ ወይም ግራጫ ይሁን።

አሁን ደግሞ ብሩ ከነጩ ወረቀት ጋር ተመሳሰለ። ጠርዙ የት አለ?

ዙሪያውን ሁሉ ነጭ ስናደርግበት ነጭ በነጭ ላይ ሆነ። ጥቁሩ ካርቶን የሚመጣው አሁን ነው። ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቀጭን ቁራጭ ቁረጡና ከጌጡ ጎን፣ ከፎቶው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ አቁሙት። የመስቀሉ የጎን ውፍረት ጥቁሩን ያይና በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን መስመር ይወጣል። እኔ በሁለቱም ጎን አደርጋለሁ። ሰፊ ጥቁር ግን ፊቱንም ያጠቁረዋል።

የቆዩ መስቀሎች ይህ ችግር ያንሳቸዋል። በቅርጹ ጎድጓዳ የተከማቸው ጥቁረት ራሱ መስመር ይሠራላቸዋል። እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ ያንን ፈግፍጋችሁ አታውጡ፤ የቆየ ብር የሚፈልግ ሰው የሚያየው እሱን ነው። የጣት አሻራና አቧራ ግን ይውጣ። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉና ከዚያ ወዲያ ጠርዙን ብቻ ያዙ።

ወርቁ ወደ አረንጓዴ፣ ብሩ ወደ ሰማያዊ ለምን ይሄዳል?

መጀመሪያ አምፖሉን አጥፉ። የመስኮቱ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ የቤት አምፖል ብዙ ጊዜ ወደ ቢጫ። ሁለቱ ሲገናኙ ስልኩ አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ይበላሻል፤ በአፕም በቀላሉ አይቀናም። ቀጥሎ ግድግዳውን ተመልከቱ። አረንጓዴ የተቀባ ክፍል ውስጥ ወርቅ ታማሚ ይመስላል። ክፍል መቀየር አይቻልም? ነጩን ካርቶን በግድግዳው በኩል አቁሙ።

ይህን አድርጋችሁ ሁሉም ነገር እኩል ሰማያዊ ከሆነ ችግር የለውም። Snapseed በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ውስጥ White Balance ክፈቱ፤ የመምጠጫዋን ምልክት ነክታችሁ ነጩ ወረቀት ላይ አሳርፏት። ጌጡ ላይ አታሳርፏት። ወርቁ ላይ ካሳረፋችሁ አፑ ወርቁን ነጭ ሊያደርገው ይሞክራል።

ቀለበት አልቆም አለ፤ ጉትቻም ተጋድሞ አያምርም።

ለቀለበት ጧፍ። ከጧፍ ላይ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ሰም ቆንጥራችሁ በጣታችሁ አሙቁና ከቀለበቱ ሥር ለጥፉ፤ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ሰሙ ከፊት እንዳይታይ ትንሽ ወደ ኋላ አድርጉት። ከጨረሳችሁ በኋላ በጥፍር ይነሳል፤ ቅሪቱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ውሃ ወይም ቅባት የሚመጥ ድንጋይ ያለበት ቀለበት ላይ ግን ሰም ድንጋዩን አይንካ።

ጉትቻን ግልጽ የመስታወት ብርጭቆ አፍ ላይ ማንጠልጠል ይቻላል፤ ብርጭቆው ግን ራሱ ነጸብራቅ ያመጣል። እኔ ሁለት የመጽሐፍ ክምር መካከል ነጭ ክር እወጥርና መንጠቆውን እሰቅላለሁ። ሁለቱም ጉትቻዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙሩ። እስኪረጉ ጠብቁ፤ ትንፋሽ እንኳ ያወዛውዛቸዋል።

መጠኑን እንዴት ላሳይ? «ትልቅ መስሎኝ ነበር» እያሉ ይመልሱብኛል።

እኔም ደርሶብኛል። ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ጉትቻ ፍሬሙን ሞልቶ እንዲታይ አነሳሁት፤ ገዢዋ ሳጥኑን ከፍታ «ይሄ የሕፃን ነው እንዴ?» አለችኝ። ቁመቱን ጽፌ ነበር። ግን ቁጥር ማን ያነባል? ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ጌጥ ጋር አንድ ፎቶ ጆሮ ወይም ጣት ላይ ሆኖ፣ አንድ ፎቶ ደግሞ ከማስመሪያ ጎን ይገባል። የሰውነት ፎቶው በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት ይነሳ፣ አለዚያ ሁለት የተለያየ ዕቃ ይመስላል።

የ925 ማህተሙ አይነበብም። ምን ይሻላል?

925 ማለት ዕቃው 92.5 በመቶ ብር ነው ማለት ነው። ማህተሙ ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድ የሚታየው በጥላው ነው። ለዚህ ፎቶ ነጩን ካርቶን አንሱት። ጌጡን ቀስ እያላችሁ አዙሩት፤ ብርሃኑ ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን ገጹን ላስ አድርጎ ሲያልፍ ቁጥሩ ድንገት ብቅ ይላል። እዚያ ላይ አቁሙና አንሱ።

ከጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ የቆየ ዕቃ ማህተም ላይኖረው ይችላል። የማርያ ትሬዛ ጠገራ 83 በመቶ ገደማ ብር ነው፤ ስለዚህ ማህተም የሌለውን የቆየ መስቀል በግምት «925» ብላችሁ አትጻፉበት።

ጀርባውን በአፕ ቆርጬ ሙሉ ነጭ ባደርገውስ?

ለድፍን ቀለበት ይሠራል። ብዙ ክፍተት ላለው መስቀልና በቀጭን የብር ሽቦ ለተሠራ ጉትቻ ግን አይሆንም። አፑ አንዳንዱን ክፍተት ይረሳል፤ አንዳንዱን ሽቦ ደግሞ ጀርባ መስሎት ይቆርጣል። ጠርዙም በአይጥ የተበላ ይመስላል። ጥላውም አብሮ ይሄዳል። ወረቀቱን በብርሃን ማስተካከያ ማንጣት ይሻላል፤ ጥላው ባለበት ይቆይ። አቧራ ካለ Snapseed ውስጥ Healing በሚለው አንድ በአንድ ንኩ። የጌጡን ጭረት ግን በእሱ አታጥፉ፤ ገዢው ሲያየው እናንተ ናችሁ የምትጠየቁት።

ስልኬ ላይ ያምራል፤ ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ይደበዝዛል።

ቴሌግራም በፎቶ መልክ የተላከን ነገር አሳንሶ ነው የሚያስተላልፈው። ጌጡ የፍሬሙን ሩብ ብቻ ከያዘ ያ ሩብ አብሮ ያንሳል። ከመለጠፋችሁ በፊት ራሳችሁ ቁረጡት፤ ጌጡ ፍሬሙን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሙላው። ከስልክ ወደ ኮምፒውተር ወይም ለሌላ ሻጭ ስትልኩ File በሚለው ላኩ፤ እንደነበረ ይደርሳል። ኤትሲ ላይ የምትሸጡ ደግሞ አጭሩ ጎን ከ2000 ፒክሰል ባያንስ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ዋናውን ፎቶ አታጥፉ።

የወሎ ኦፓል ቀለሙ ፎቶ ላይ ለምን ይሞታል?

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ስላደረጋችሁበት ነው። ለስላሳ ብርሃን ለብር ጥሩ ነው፤ የኦፓልን የሚጫወት ቀለም ግን ያደበዝዘዋል። ያ ቀለም የሚነሳው ጠባብ ብርሃን ከአንድ አቅጣጫ ሲመታው ነው። ነጭ ወረቀትም አይረዳውም። የደላንታ ኦፓል ብዙው ገላው ጠራ ያለ ወይም ወተት መሳይ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ነጭ አልፎ ይታያል።

ጥቁሩን ካርቶን ከሥሩ አድርጉ። መጋረጃውን ዝጉና የሁለት ጣት ክፍተት ብቻ ተዉ፤ የምትገባው ቀጭን ፀሐይ ድንጋዩ ላይ ትረፍ። ስልኩ ላይ ብርሃኑን ቀንሱ፣ አለዚያ ቀለሙ ይነጣል። ከዚያ ስልኩ ሳይሆን ድንጋዩ ይዙር፤ በየጥቂቱ አዙራችሁ አንሱ። በአንዱ አንግል አረንጓዴ፣ በሌላው ቀይ ይወጣል። አንድ ፎቶ ሁሉንም ስለማይዝ አሥር ሰከንድ የሚሆን ቪዲዮ ጨምሩ። አንዱን ፎቶ ደግሞ በተለመደው የመስኮት ብርሃን፣ ነጭ ወረቀት ላይ አንሱ፤ ገዢው ጥላ ውስጥ ሲሆን ምን እንደሚመስል ይየው።

አንድ ነገር አትርሱ፤ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት። የወሎ ኦፓል ውሃ ይመጥጣል። ውሃ ሲመጥ መስታወት መስሎ ይጠራና ቀለሙ ሊጠፋ ይችላል። ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል፤ ለመድረቅ ግን ቀናት ሊወስድ ይችላል። ዘይትና የእጅ ቅባት ከውሃም ይብሳሉ፤ ከገቡ በቀላሉ አይወጡም። ለአቧራው ደረቅ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።